40 በመቶ ብቻ የጠበበ የልብ ደም ስር በአንድ ንጋት እንዴት ሙሉ በሙሉ ተዘጋ?

ሰሎሜ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አልገባ ብሎኝ ሳምንቱን ሙሉ እያብሰለሰልኩት ነው። የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ታላቅ ወንድሜ 52 ዓመቱ ነው። 20 ዓመት ያህል ሲጋራ አጭሷል፤ ካቆመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ከሦስት ወር በፊት ምርመራ አደረገ። በመሮጫ ማሽን ላይ እየሮጠ ኢሲጂ አነሱት። 11 ደቂቃ ሮጠ። ደረቱን አላመመውም፣ ኢሲጂውም ላይ ምንም አልታየም። «ልብህ ደህና ነው» ተብሎ ወጣ። ሁላችንም እፎይ አልን።

ያለፈው ማክሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ከአልጋው ሲነሳ ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነበት ያህል ተሰማው። ላብ አጠመቀው። ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ሰዓት አልፎታል። በእጅ አንጓው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሲያዩ የልቡ የፊተኛው ትልቅ ደም ስር ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። የረጋውን ደም መጥጠው አወጡና እንደገና ምስል አነሱ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ያኔ የሰማሁት ነው። ሐኪሙ ስክሪኑን እያሳየኝ «ከስሩ ያለው ጥበት 40 በመቶ ብቻ ነው» አለኝ። ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት የሚባል ትንሽ የብረት ቱቦ አስገቡለት። አሁን ቤት ነው፣ እየተሻለው ነው።

ስብ የሚጠራቀመው በዓመታት ከሆነ፣ 40 በመቶ የነበረው እንዴት በአንድ ንጋት 100 ሆነ? ወይስ የሦስት ወሩ ምርመራ ስህተት ነበር?

ያሬድ_መስመር

ሰሎሜ፣ እንኳን ተረፈላችሁ።

ሥራዬ የውሃ መስመር ነው። ቧንቧ ውስጥ ዝቃጭ ሲጠራቀም በዓይኔ አይቻለሁ። ግድግዳው ላይ ከውስጥ በኩል ይለጠፋል፣ በየዓመቱ ይወፍራል፣ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ደም ስርም እንዲሁ ነው። ኮሌስትሮል ይለጠፋል፣ መንገዱ ይጠባል። ከ40 ወደ 100 በሦስት ወር መዝለል አይችልም። እኔን ከጠየቅሽኝ የመጀመሪያውን ምርመራ ያነበበው ሰው ተሳስቷል። ወይም 40 የተባለው 90 ነው። ውጤቱን ሌላ ሐኪም ቢያየው ይሻላል።

ዶ/ር_ሕሊና

ሰሎሜ፣ በወንድምሽ ላይ የደረሰው እውነት ያስደነግጣል። ግን ምርመራው ተሳስቷል ብዬ አላስብም፤ 40 በመቶውንም አምነዋለሁ። እኔ የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ፤ በልብ ሕመም ድንገት የሞቱ ሰዎችን ደም ስር ቆርጬ በማይክሮስኮፕ ማየት የዓመታት ሥራዬ ነው። ወንድምሽ ላይ የሆነውን ዓይነት ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ያሬድ፣ የቧንቧው ምሳሌህ ብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ስላለ ከእሱ ልጀምር። ስቡ የሚጠራቀመው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ነው። ይህች ልዩነት ሁሉንም ነገር ትቀይራለች።

ደም ስር ከውስጥ በኩል እንደ ኮት ገበር አለው። ኢንዶቴሊየም ይባላል። ገበሩ አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው። ጤነኛ ሲሆን ናይትሪክ ኦክሳይድ እያመነጨ ደም ስሩን ያላላል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶችም እንዳይጣበቁበት ያደርጋል። ሕመሙ የሚጀምረው ይህ ገበር ሲጎዳ ነው። «ጉዳት» ሲባል ግን ጭረት ወይም ቁስል አይምሰላችሁ። ሴሎቹ እዚያው አሉ፤ ሥራቸውን ግን በአግባቡ አይሠሩም። የሲጋራ ጭስ፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል መብዛት እንዲህ ያደርጓቸዋል።

ቦታውም ይመረጣል። ቀጥ ባለ ደም ስር ላይ ደሙ በአንድ አቅጣጫ እየፈሰሰ ገበሩን ያሻሸዋል፣ ይህ መታሸት ደግሞ ለሴሎቹ ጤና ነው። ቅርንጫፍ የሚወጣበትና መታጠፊያ ላይ ግን ደሙ ይዘገያል፣ ወደፊትና ወደኋላ ይዋዥቃል። እዚያ ያለው ገበር ያሳልፋል። የልብ የፊተኛው ደም ስር የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች እንዲህ ያለ ቦታ ናቸው፤ የአንገት ደም ስር ለሁለት የሚከፈልበትም እንደዚያው።

ባሳለፈው በኩል ኤልዲኤል ሾልኮ ይገባና ከገበሩ ስር ያለው ንብርብር ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ውሎ ሲያድር ኦክሲጅን ያበላሸዋል። ገበሩ ይህን ሲያይ የእርዳታ ምልክት ያወጣል። ነጭ የደም ሴሎች ይሰማሉ፣ ይጣበቃሉ፣ በሴሎቹ መሃል ተሸማቅቀው ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ማክሮፋጅ ሆነው የተበላሸውን ኤልዲኤል ይውጣሉ። መዋጡን አያቆሙም። ሆዳቸው በስብ ጠብታ ሲሞላ በማይክሮስኮፕ የሳሙና አረፋ ይመስላሉ፤ ስማቸውም አረፋ ሴል ነው። የእነሱ ክምችት በዓይን ሲታይ ቢጫ ሰንበር ነው። በወጣቶች ደም ስር ላይም ይገኛል። በ1953 የታተመ አንድ ጥናት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ መርምሮ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነበር። በ77 በመቶው ላይ የልብ ደም ስር ሕመም ምልክት በዓይን ታይቷል።

ቀሪውን ማታ እጽፋለሁ፤ አሁን ሥራ ይጠብቀኛል።

ያሬድ_መስመር

ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። ግድግዳው ውስጥ መሆኑን አላውቅም ነበር። ግን ውስጥም ሆነ ላይ፣ ሲያብጥ መንገዱን አያጠብም እንዴ? ያው አይደለም?

ማህሌት_ቲ

ይቅርታ ጣልቃ ስለገባሁ። እኔም አምና ባቴ ውስጥ ደም ረግቶብኝ ነበር። ረጅም ጉዞ ተቀምጬ ከመጣሁ በኋላ እግሬ አበጠ። ደም ማቅጠኛ ስድስት ወር ወሰድኩ። ይህ ማለት እኔም ደም ስሬ ውስጥ ስብ አለ ማለት ነው? ስንት በመቶ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።

ብሩክ_ነርስ

ማህሌት፣ አይዞሽ፣ ያንቺ ሌላ ነገር ነው። አንቺ ላይ የረጋው ደም መላሽ ስር ውስጥ ነው። እዚያ ደም የሚረጋው ፍሰቱ ስለሚዘገይ ነው እንጂ ስብ ፈንድቶ አይደለም። «በመቶ» የሚባለው ደም ቅዳ ስር ላይ ነው። የመላሽ ስር የረጋ ደም ዋናው አደጋ ተነቅሎ ወደ ሳንባ መሄዱ ነው። ትንፋሽ ቢያጥርሽ ወይም እግርሽ እንደገና ቢያብጥ ሳትውይ ሂጂ። ለምን እንደረጋብሽ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ የዚህ ክር ጥያቄ ግን አይመለከትሽም።

ሰሎሜ፣ እኔ የልብ ደም ስር በቱቦ በሚታይበት ክፍል ነው የምሠራው። ከወንድምሽ የተመጠጠው ነገር ምን ይመስል እንደነበር ልንገርሽ። ወንፊት ላይ ስናፈሰው ብዙ ጊዜ የምናየው ጥቁር ቀይ፣ እንደ ትል የተጠማዘዘ፣ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን ነገር ነው። ጫፏ ላይ ነጣ ያለ ክፍል ይኖራታል። ያቺ ትንሽ ነገር ናት ሰውን የምትጥለው። መምጠጥ ለሁሉም ሰው አይደረግም፤ የረጋው ደም ብዙ ሲሆን ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚረጋው ነጩ ነው፣ ፕሌትሌቶች ናቸው። ቀዩ ከኋላው ይመጣል። ለምን እንደሆነ ዶክተር ሕሊና ያስረዱሻል።

ዶ/ር_ሕሊና

መጣሁ። ያሬድ፣ የጠየቅኸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ለብዙ ዓመት ሐኪሞችንም አሳስቷል።

ፕላክ የምንለው ይህ የስብ እብጠት ሲያድግ ደም ስሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወደ ውጭ ይሰፋል። በ1987 ሲሞር ግላጎቭ የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የ136 ሰዎችን ልብ ለክቶ ይህን አሳየ። ፕላኩ በደም ስሩ ውስጥ ካለው ቦታ 40 በመቶ ያህል እስኪይዝ ድረስ ደም የሚያልፍበት ቀዳዳ አይጠብም ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ነው መጥበብ የሚጀምረው። በቱቦ የሚነሳው ምስል ደግሞ ቀለም የሞላውን ቀዳዳ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ግድግዳውን አያሳይም። ስለዚህ ሰሎሜ፣ ስክሪኑ ላይ 40 በመቶ ጥበት ከታየ ግድግዳው ውስጥ ከዚያ የበለጠ ነገር ተቀምጧል።

ሩጫውም አልዋሸም። የፊተኛው ደም ስር 3 ሚሊሜትር ስፋት አለው እንበል። 40 በመቶ ሲጠብ 1.8 ሚሊሜትር ይቀረዋል። ከታች ያሉት ትንንሽ ደም ስሮች ስለሚላሉ ሰውየው ሲሮጥም የሚበቃው ደም ያልፋል። ይህ ምርመራ የሚያጠምደው አብዛኛውን ጊዜ ጥበቱ 70 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። የሚጠይቀው «አሁን ደም በበቂ ያልፋል ወይ?» ብሎ ነው። አዎ፣ ያልፍ ነበር። ግድግዳው ውስጥ ያለው ነገር ይፈነዳል ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም፣ መጠየቅም አይችልም።

አሁን ወደ ፕላኩ ውስጥ እንግባ። አረፋ ሴሎቹ ስብ በዝቶባቸው ይሞታሉ። ጤነኛ ቦታ ላይ የሞተን ሴል ሌላ ማክሮፋጅ ያነሳዋል። እዚህ ግን አንሺው ራሱ እየሞተ ነው። አስከሬኑ ይከመራል፣ ስቡ ይፈስሳል፣ መሃሉ እንደ ወፍራም ቢጫ ቅባት ይሆናል። የሕመሙ ስም አቴሮስክለሮሲስ ነው፤ አቴሮ የሚለው የግሪክ ቃል ገንፎ ማለት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ያዩትን ነው የሰየሙት። እኔ በቢላ ስቆርጠው ከመሃሉ እንደ ጥርስ ሳሙና ይወጣል። በማይክሮስኮፕ ደግሞ መርፌ የሚመስሉ ባዶ ስንጥቆች ይታያሉ። የኮሌስትሮል ክሪስታል የነበረባቸው ቦታዎች ናቸው። ናሙናው ሲዘጋጅ ክሪስታሉ ይሟሟል፣ ቅርጹ ብቻ ይቀራል።

ሰውነት ይህን ነገር ዝም ብሎ አያየውም። ከደም ስሩ መካከለኛ ንብርብር የጡንቻ ሴሎች ተነቅለው ይመጣሉ፤ ኮላጅን ይሠራሉ፣ ከላይ ክዳን ይገነባሉ። ክዳኑ ወዳጃችን ነው። ወፍራም ክዳን ያለው ፕላክ ለ30 ዓመት ምንም ሳይል ሊቀመጥ ይችላል።

ችግሩ ክዳኑ ሲሳሳ ነው። ከስሩ ያሉት ማክሮፋጆች ኮላጅን የሚበሉ ኢንዛይሞች ይለቃሉ። ሌሎች ነጭ ሴሎች ደግሞ ለጡንቻ ሴሎቹ «አትሥሩ» የሚል መልእክት ይልካሉ። ከአንድ ወገን ይፈርሳል፣ ከሌላው ወገን አይጠገንም። ፈንድተው በገደሉ ፕላኮች ላይ ሲለካ የቀረው ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ከ65 ማይክሮን በታች ነው። አንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ማለት ነው።

የሚቀደደውም በብዛት ዳር ላይ ነው፣ ክዳኑ ከጤነኛው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት። ልብ በመታ ቁጥር ጉተታው እዚያ ይበረታል፣ ማክሮፋጆቹም እዚያ ይሰበሰባሉ። ንጋት ላይ መሆኑም አይገርመኝም። የልብ ሕመም ድንገት የሚነሳው ከቀኑ ሌላ ክፍል ይልቅ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ይበዛል። ሰው ሲነቃ አድሬናሊን ይነሳል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፕሌትሌቶቹም የበለጠ ይጣበቃሉ። ያቺ ንጋት በሽታውን አልፈጠረችውም፤ የሳሳውን ክዳን አገኘችው።

ተስፋዬ58

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት። እኔን አስፈርተውኛል። 58 ዓመቴ ነው። በሲቲ የልብ ደም ስር ካልሲየም ተለክቶልኝ 310 ነው ተባልኩ። ደረቴን አያመኝም። ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲን ጀመርኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግመው ሲለኩት 350 ሆነ። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው? አሁን ቦምብ ተሸክሜ እንደምሄድ እየተሰማኝ ነው።

ዶ/ር_ሕሊና

አቶ ተስፋዬ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ቁጥሩ መጨመሩ ግን እርስዎ እንዳሰቡት አይደለም።

ካልሲየም የአሮጌ ፕላክ ጠባሳ ነው ቢባል አይከፋም። 310 ማለት ደም ስሮችዎ ውስጥ በጠቅላላው ብዙ ፕላክ አለ ማለት ነው። ያ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስታቲን መጀመርዎም ትክክል ነው። ነገር ግን ጠጣር ሆኖ የተጋገረ ካልሲየም ያለበት ፕላክ አብዛኛውን ጊዜ ከለስላሳው ይልቅ የተረጋጋ ነው። ስታቲን ስቡን ሲቀንስ ቀሪው ይጠነክራል፣ ካልሲየሙም ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ 350 ብቻውን መድኃኒቱ አልሠራም አይልም። መሥራቱን የሚነግርዎ ኤልዲኤልዎ ነው። አደገኛው ክዳኑ ውስጥ እንደ አሸዋ ቅንጣት የተበተነው ደቃቅ ካልሲየም ነው። እሱን ደግሞ ተራው ሲቲ አያየውም።

ብሩክ_ነርስ

አቶ ተስፋዬ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በተቃራኒውም ዜሮ ካልሲየም ኖሮት ተዘግቶበት የመጣ ሰው አይቻለሁ። ወጣት አጫሽ ነበር። ለስላሳው ፕላክ ገና ካልሲየም አልያዘም ነበር። ዜሮ ደስ ይላል፣ ዋስትና ግን አይደለም።

ሰሎሜ

ዶክተር ሕሊና፣ አሁን እየገባኝ ነው። ግን አንድ ነገር ቀረኝ። ክዳኑ ተቀደደ እንበል። ቅዳዱ በጣም ትንሽ ነው። ታዲያ እንዴት አንድ ሙሉ ደም ስር ይዘጋል?

ዶ/ር_ሕሊና

የዘጋው ስቡ ሳይሆን የራሱ ደም ነው። ወንድምሽ ቢላ እጁን ቢቆርጠው ደሙ እንዲቆም የሚያደርገው ሥርዓት ነው ደም ስሩ ውስጥ የተነሳው።

ክዳኑ ሲቀደድ ደሙ ለዓመታት ያልነካውን ነገር ይነካል። የመጀመሪያው ኮላጅን ነው። ፕሌትሌቶች ኮላጅን ሲያገኙ ወዲያው ይጣበቃሉ፣ ቅርጻቸው ይለወጣል፣ ሌሎቹን የሚጠሩ ኬሚካሎች ይረጫሉ። አንዱ ትሮምቦክሴን ይባላል፤ አስፕሪን የሚከለክለው እሱን ነው። ብሩክ ያየው ነጩ ጫፍ ይኸው ነው። ሁለተኛው የተነካው ነገር ያ ቢጫ ቅባት ነው። የሞቱት ማክሮፋጆች ቲሹ ፋክተር የሚባል ፕሮቲን ትተውበታል። እሱ ደምን በማርጋት የሚታወቁትን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ያስነሳል። መጨረሻ ላይ ትሮምቢን ይወለዳል፣ ፋይብሪን የሚባለውን ክር ይፈትላል። ክሩ ፕሌትሌቶቹን ያስራል፣ ቀይ ሴሎችንም እንደ መረብ ያጠምዳል። ፍሰቱ ሲዘገይ ቀዩ ክፍል ይረዝማል።

ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። 1.8 ሚሊሜትር ቀዳዳ መሙላት ረጅም ሥራ አይደለም። ደሙ ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ የልብ ጡንቻው ከውስጠኛው ንብርብር ጀምሮ መሞት ይጀምራል፣ ሞቱም በሰዓታት ወደ ውጭ ይዘልቃል። በአንድ ሰዓት ሆስፒታል መድረሳችሁ ብዙ ጡንቻ አትርፏል።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይጠናቀቅም። የሚያስገርመኝ ነገር ይኸ ነው። በድንገት የሞቱ ሰዎችን ደም ስር ስመለከት ከገደለው ቅዳድ ሌላ የዳኑ የቆዩ ቅዳዶች አገኛለሁ። በተቆረጠው ግንድ ላይ እንደሚታየው ቀለበት ንብርብር በንብርብር ተደርበዋል። ቀድሞ ፈንድቶ፣ ትንሽ ደም ረግቶበት፣ ሰውየው ምንም ሳይሰማው የተጠገነ ነው። በየጥገናው ደም ስሩ ትንሽ ይጠባል። ስለዚህ ፕላክ በቀስታ ብቻ አያድግም፤ አንዳንዴ በዝላይ ነው የሚያድገው።

ያሬድ_መስመር

ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ሰሎሜ፣ ምርመራው ተሳስቷል ያልኩትን ተይው።

ግን እንደዚህ ከሆነ ስቴንት ምን ይሠራል? የጠበበውን ማስፋት ጥቅም የለውም ማለት ነው?

ዳዊት_ካርዲዮ

ያሬድ፣ እዚህ ላይ የቧንቧ ሐሳብህ ግማሹ ትክክል ነው። ሰው ደረጃ ሲወጣ ደረቱን እያመመው ሲቆም የሚለቀው ከሆነ፣ እሱ የጥበት ሕመም ነው። ስቴንት ሕመሙን ያቀልለታል። ተዘግቶበት ለመጣ እንደ ሰሎሜ ወንድም ላለ ሰው ደግሞ ስቴንት ሕይወት ያድናል። ነገር ግን በተረጋጋ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ጥበቱን ማስፋት የወደፊቱን ድንገተኛ ሕመም እንደማይቀንስ በ2007 የወጣ ከ2000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ኩሬጅ የሚባል ጥናት አሳይቷል። ምክንያቱ ዶክተር ሕሊና የጻፉት ነው። የሚፈነዳው ሌላ ቦታ ያለው ሊሆን ይችላል።

ዶክተር፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልከራከር። «ገዳዩ ትንሹ ፕላክ ነው» የሚለው አባባል ከልክ በላይ ተስፋፍቷል። አነስተኛ ጥበት ያላቸው ፕላኮች በቁጥር እጅግ ስለሚበዙ ነው ብዙ አደጋ ከእነሱ የሚመጣው። አንድ በአንድ ብንወስዳቸው ግን 80 በመቶ የጠበበው ከ40ው ይልቅ የመዝጋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሌላም አለ። ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ ምስል የተነሳባቸው ሰዎች ላይ ፕላኩ በመጨረሻዎቹ ወራት በፍጥነት ያደገ ሆኖ ይታያል። ወንድሟ ላይ ሩጫው በተደረገበት ቀን ምናልባት 20 በመቶ ነበር።

ዶ/ር_ሕሊና

ዳዊት፣ ትክክል ነህ፤ ያ መባል ነበረበት። እኔ የሟቾችን ነው የማየው። የእኔ ማይክሮስኮፕ ስር የሚመጣው የመጨረሻው ቀን ብቻ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት ምን ይመስል እንደነበር አይነግረኝም።

ዳዊት_ካርዲዮ

ሌላም ያልተፈታ ነገር አለ። ሁላችንም «ፈነዳ» እያልን ነው። ግን ከሚዘጉት ሁሉ አንድ ሦስተኛ ገደማው ክዳኑ ሳይቀደድ ነው የሚዘጋው። ገበሩ ብቻ ተላጦ ይነሳና እዚያ ላይ ደም ይረጋል። በሴቶች፣ በወጣትና በአጫሾች ላይ ይበዛል። ከስሩ ያለው ፕላክ ወፍራም ክዳን ያለውና ስቡ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ገበሩን የሚልጠው ምን እንደሆነ በደንብ አልተረዳንም። ሰሎሜ፣ ደም ስሩ ውስጥ በብርሃን የሚያይ ካሜራ አስገብተው ነበር? ኦሲቲ ይባላል። ካልገባ የወንድምሽ የትኛው እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት አይነግርሽም።

ሰሎሜ

አልገባም። ዛሬ ክትትል ሄደን ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ «ጊዜ አልነበረንም፣ ደም ስሩን መክፈት ነበረብን» አለኝ።

የመጣሁት ግን ሌላም ነገር ስላስጨነቀኝ ነው። ኤልዲኤሉ ያኔ 168 ነበር፤ ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለቴ ነው። አሁን አስፕሪን፣ ሌላ ሁለተኛ የፕሌትሌት መድኃኒትና ከባድ ስታቲን ይወስዳል። ደህና ሲሰማው «ደም ስሩ ተከፍቷል፣ እንግዲህ ክኒን ለምኔ» ማለት ጀምሯል። ድዴ ደማ ብሎ ሁለተኛውን ክኒን ትናንት አልዋጠም። ምን ብዬ ላስረዳው?

ብሩክ_ነርስ

ሰሎሜ፣ ይህን አሁኑኑ ንገሪው። ስቴንቱ ብረት ነው፣ ደም ስሩ ውስጥ ባዕድ ነገር ነው። ገበሩ በላዩ አድጎ እስኪሸፍነው ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ፕሌትሌቶች ብረቱን እንደ ቅዳድ ነው የሚያዩት። ክኒኑን በራሳቸው አቋርጠው በሳምንት ውስጥ ስቴንታቸው ውስጥ ደም ረግቶ የመጡ ሰዎች አስተናግጃለሁ። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ለድንገተኛ የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ ዓመት ያህል ይሰጣል፤ ማሳጠር ካስፈለገ ሐኪሙ ነው የሚያሳጥረው። ድድ መድማቱን ይንገሩት፤ መጠኑን ያስተካክላል ወይም በሌላ ይለውጣል። ዝም ብሎ ግን አይተው።

ዳዊት_ካርዲዮ

ስታቲኑን በተመለከተ ለወንድምሽ እንዲህ በይው። ስቴንቱ አንድ ቦታ ነው የጠገነው። ሌሎቹ መታጠፊያዎች ላይ ያሉት ፕላኮች አልተነኩም፤ የትኛው ክዳን እንደሳሳ ማንም ከውጭ ሆኖ መለየት አይችልም። ኤልዲኤል ሲወርድ ግን ወደ ግድግዳው የሚገባው ይቀንሳል፣ ማክሮፋጆቹ ይቀንሳሉ፣ ክዳኑ በወራት ውስጥ ይወፍራል። በኦሲቲ ተለክቶ የታየ ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እንደ እሱ ላለ ሰው ከ55 በታች ይላል። 168 ከነበረ በስታቲን ብቻ ላይደርስ ይችላል፤ ሁለተኛ መድኃኒት ሊጨመርለት ስለሚችል አስቀድሞ ይወቀው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ደሙን ደግሞ ይለካ።

ተስፋዬ58

ልጄ፣ ወንድምሽን ከእኔ ጋር አገናኚው ብል ደስ ይለኛል። እኔም ሁለት ጊዜ ስታቲን አቋርጬ ነበር፤ ጡንቻዬን አመመኝ ብዬ። ሐኪሙ ዓይነቱን ቀየረልኝና አሁን ሦስት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የኤልዲኤል ውጤቴን ፈልጌ አገኘሁት፤ 61 ነው። እስከ ዛሬ ካልሲየሙን እንጂ እሱን አይቼው አላውቅም ነበር።

ሰሎሜ

አቶ ተስፋዬ፣ በግል እጽፍልዎታለሁ፣ አመሰግናለሁ። ያነበብኩትን ሁሉ ለወንድሜ በስልክ አነበብኩለት። ብሩክ ስለ ብረቱና ስለ ገበሩ የጻፈው ላይ ሲደርስ አስቆመኝና እንደገና አስነበበኝ። ክኒኑን አሁን ውጦታል። ስለ ድዱ ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋር ይደውላል። ከዚያ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ መልሱን አላውቀውም። ሲጋራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ገበሩ በሁለት ዓመት አልዳነም ነበር እንዴ?

ዶ/ር_ሕሊና

ገበሩ ቶሎ መሻሻል ይጀምራል፣ ፕሌትሌቶቹም ካቆመ በኋላ በሳምንታት ይረጋጋሉ። በ20 ዓመት ግድግዳው ውስጥ የተከማቸው ግን አብሮ አይወጣም። 168 ኤልዲኤልም ሁለቱን ዓመት ሙሉ መግባቱን አላቆመም። ሲጋራውን ባያቆም ኖሮ ይህ ቀደም ብሎ ይደርስበት ነበር ወይ? ያንን ከአንድ ሰው ደም ስር ላይ ማንበብ አልችልም።